በፎቶ የተነሳ ባለ 16 ሳጥን ፑኔት ስኩዌር፦ እንዴት እናነበዋለን፣ ሬሾውን እንዴት እናወጣለን

ሰሞኑን አንድ ተማሪ የዳይሃይብሪድ ክሮስ ጥያቄ፣ ማለትም ሁለት ባህርይ አብሮ የሚታይበት የማዳቀል ጥያቄ፣ የሠራበትን ደብተር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። "ሬሾው 10:3:2:1 መጣብኝ፣ ድምሩ ግን 16 ነው፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ይላል። ፎቶውን ከፈትኩት። በእርሳስ የተሠራ ነው፣ የስልኩ ጥላ ታች በኩል አርፎበታል፣ የግራው ጠርዝ ላይ ደግሞ ገጹን የያዘበት አውራ ጣቱ ስላለ በግራ በኩል የተጻፉት አራቱ ጋሜቶች ጭራሽ አይታዩም። ብዙ ሰው እንዲህ አይነት ፎቶ ሲደርሰው "አይነበብም፣ ደግመህ አንሳው" ነው የሚለው፣ ግን ፑኔት ስኩዌር ውስጡ ሥርዓት ስላለው ግማሹ ባይታይም ቀሪው ይናገራል፣ ስህተት ካለም የት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ራሱ ይጠቁማችኋል። እኔ በዚሁ ፎቶ ላይ እንዴት እንደሄድኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፈው፣ እናንተም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ፦ ሳጥኑን ሳይሆን ጥያቄውን አንብቡ

ጥያቄው የታወቀው የአተር ጥያቄ ነው። የዘሩ ቅርጽ ክብ ወይ የተሸበሸበ፣ ቀለሙ ቢጫ ወይ አረንጓዴ። ክብ ዶሚናንት ነው፣ R። የተሸበሸበው ሪሴሲቭ፣ r። ቢጫ ዶሚናንት፣ Y። አረንጓዴ ሪሴሲቭ፣ y። ሁለቱም ወላጆች ደግሞ RrYy ናቸው፣ ማለትም በሁለቱም ባህርይ ሄትሮዛይገስ ናቸው፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፊደል ይዘዋል። ይሄን በወረቀታችሁ አናት ላይ ጻፉት፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህች አንድ መስመር ነው የሚወጣው፤ ወላጆቹን ሳያውቁ ሳጥን መቁጠር የጀመሩ ሰዎች ናቸው ለሁሉም ጥያቄ 9:3:3:1 የሚጽፉት።

ዶሚናንት ማለት ምን እንደሆነም እዚህ ጋ ይታያችሁ፣ ዝም ብሎ "ትልቁ ፊደል ያሸንፋል" ከሚባለው የተሻለ ምክንያት አለው። R የሚባለው አሊል፣ ማለትም የጂኑ አንዱ አይነት፣ ስታርች ለመሥራት የሚያግዝ ኢንዛይም ያስገኛል። r ያንን ኢንዛይም በደንብ አያስገኝም። rr የሆነ ዘር ውስጥ ስኳሩ ወደ ስታርች በደንብ ስለማይቀየር ብዙ ስኳር ይጠራቀማል፣ ስኳሩ ውሃ ይስባል፣ ዘሩ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ውሃው ሲወጣ ቆዳው ይሸበሸባል። አንድ R ብቻ ያለው ዘር ግን በቂ ኢንዛይም ስላለው ክብ ሆኖ ይቀራል። ለዛ ነው RR እና Rr በዓይን አንድ አይነት የሆኑት፣ እና ለዛ ነው የጂኖታይፕ፣ ማለትም የፊደሎቹ፣ ሬሾና የፌኖታይፕ፣ ማለትም በዓይን የሚታየው መልክ፣ ሬሾ የተለያዩ ነገሮች የሚሆኑት።

ቀጥሎ፦ ፎቶውን ወደ ወረቀት ገልብጡት፣ ትንንሾቹን ፊደሎች እያሰመራችሁ

ፎቶው ላይ እያያችሁ አትቁጠሩ። ሁሌም ገልብጡት። አንድ በጣም ቀላል የምትመስል ግን ብዙ ሰው የሚወድቅባት ነገር አለች፦ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፣ "ረ" ያው "ረ" ነው፣ ስለዚህ ዓይናችን በፊደል መጠን ልዩነት ላይ ያን ያህል አይነቃም። እዚህ ግን የፊደሉ መጠን ማለት ሙሉ ትርጉሙ ማለት ነው። በተለይ Y እና y በእጅ ሲጻፉ ያው አንድ ናቸው፣ ልዩነታቸው ትንሿ ከመስመሩ በታች መውረዷ ብቻ ነው፣ ፎቶ ላይ መስመሩ ራሱ ከደበዘዘ እሱም ልዩነት ይጠፋል። እኔ ስገለብጥ ትንንሾቹ ሥር አጭር መስመር አሰምራለሁ። እርግጠኛ ያልሆንኩበት ሳጥን ላይ ደግሞ የመሰለኝን ጽፌ ጎኑ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ፣ በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ዓምድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደውን ረድፍ እንበለው። የተማሪው ፎቶ ሲገለበጥ ይሄን ይመስላል፣ የጥያቄ ምልክቶቹ በአውራ ጣቱ የተሸፈኑት ናቸው፦

```
     RY    Ry    rY    ry
?   RRYY  RRYy  RrYY  RrYy
?   RRYy  RRyy  RrYy  Rryy
?   RrYY  RrYY  rrYY  rrYy
?   RrYy  Rryy  RrYy  rryy
```

ገና ሳናርመው ነው ይሄ፣ እሱ እንደጻፈው።

ጋሜቶቹ፦ ከሳጥኖቹ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው እነሱ ናቸው

RrYy የሆነ ወላጅ ስንት አይነት ጋሜት ያወጣል? ጋሜት ማለት ከእያንዳንዱ ጂን አንድ አሊል ብቻ የያዘ ህዋስ ነው። ከቅርጹ ወይ R ወይ r ይይዛል፣ ከቀለሙ ወይ Y ወይ y። R ከያዘ ከY ጋርም ከy ጋርም ሊወጣ ይችላል፣ r ከያዘም እንደዛው። RY፣ Ry፣ rY፣ ry፣ አራት። ሁለቱ ጂኖች የተለያዩ ክሮሞሶሞች ላይ ስላሉ በማዮሲስ ጊዜ አንዱ ወዴት እንደሄደ ሌላውን አያስገድደውም፣ ስለዚህ አራቱም እኩል ዕድል አላቸው፣ እያንዳንዳቸው 1/4። ይሄ "እኩል ዕድል" የሚለው ቃል የሳጥኑ ሁሉ መሠረት ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ጋ የማየው ስህተት Rr ወይም Yy የሚል ጋሜት መጻፍ ነው፣ ከአንድ ጂን ሁለቱንም አሊል ከሌላው ምንም። ጋሜቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች፣ ከእያንዳንዱ ባህርይ አንድ አንድ፣ ካላያችሁ እዛው ቁሙ፣ ወደ ሳጥኖቹ አትግቡ።

የፎቶው ላይኛው ረድፍ ልክ ነው፣ አራቱም አሉ። የግራዎቹ ግን ተሸፍነዋል። እንዴት እናውቃቸዋለን? የመጨረሻውን ዓምድ እዩት፣ አናቱ ላይ ry ነው ያለው። ry ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ r እና አንድ y ብቻ ነው የሚያዋጣው፣ ስለዚህ ከዛ ዓምድ ሳጥኖች ላይ አንድ r እና አንድ y ስታነሱ የሚቀረው የግራው ጋሜት ነው። RrYy ሲቀነስ RY ይቀራል። Rryy ሲቀነስ Ry። rrYy ሲቀነስ rY። rryy ሲቀነስ ry። በቃ፣ ከላይ ወደ ታች RY፣ Ry፣ rY፣ ry ሆኑ፣ አውራ ጣቱ ምንም አልደበቀም። ይሄ ዘዴ ፎቶው የተቆረጠ ሲሆን ሁሌም ይሠራል፣ ብቻ አንዱ ጎን መታየት አለበት። በአንድ ዓምድ ብቻ ካልተማመናችሁ ሌላ ዓምድ ላይ ድገሙት፤ RY ባለበት የመጀመሪያ ዓምድ ላይ አንድ R እና አንድ Y አንሱ፣ ያው መልስ መምጣት አለበት። ካልመጣ ከሁለቱ ዓምዶች በአንዱ ውስጥ የተሳሳተ ሳጥን አለ ማለት ነው።

አሁን ፌኖታይፑን ቁጠሩ፣ ግን አንድ ባህርይ በአንድ ጊዜ

ተማሪው አራቱን መልክ በአንድ ላይ ቆጥሮ ነው 10:3:2:1 ያገኘው። ቆጠራው ራሱ ልክ ነው፣ እሱ በጻፋቸው ሳጥኖች መሠረት ክብ ቢጫ 10፣ ክብ አረንጓዴ 3፣ የተሸበሸበ ቢጫ 2፣ የተሸበሸበ አረንጓዴ 1 ናቸው። ድምሩ 16 መምጣቱ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ሳጥኖቹ 16 ስለሆኑ ምንም ብትሞሉባቸው ድምሩ 16 ነው የሚሆነው። የድምር ማረጋገጫ ሳጥን ዘሎ የቆጠረን ሰው ይይዛል እንጂ በስህተት የተሞላን ሳጥን አይይዝም።

የሚይዘው ይሄኛው ነው። ቀለሙን እርሱትና ቅርጹን ብቻ ቁጠሩ። Rr ከ Rr ጋር ሲሻገር 1/4 ብቻ ነው rr የሚሆነው፣ ከ16 ላይ 4። ስለዚህ ክብ ለተሸበሸበ 12:4 መምጣት አለበት። በፎቶው ላይ ግን 13:3 ነው። ቀጥሎ ቅርጹን እርሱትና ቀለሙን ቁጠሩ፣ ቢጫ 12፣ አረንጓዴ 4፣ ይሄ ልክ ነው። እንግዲህ ለዓይን የሚታየው ስህተት የቀለም ፊደል ላይ አይደለም ማለት ነው፣ የቅርጹ ፊደል ላይ ነው፣ አንድ r መሆን የነበረበት R ሆኗል። ከ16 ሳጥን ውስጥ የምንፈልገው ነገር በአንዴ ጠበበ።

የት ሳጥን? የተሸበሸበ እንዲሆን ከላይም ከግራም r መምጣት አለበት። ከላይ r የያዙት 3ኛውና 4ኛው ዓምድ ናቸው፣ ከግራ r የያዙት 3ኛውና 4ኛው ረድፍ። የሚገናኙት ታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ያሉት አራት ሳጥኖች ላይ ነው። አራቱም rr መሆን አለባቸው፣ ሌላ የትም rr መኖር የለበትም። በፎቶው ላይ እነዛን አራቱን አየናቸው፦ rrYY፣ rrYy፣ RrYy፣ rryy። ሦስተኛው እዚህ አይገባም። 4ኛ ረድፍ 3ኛ ዓምድ፣ ከላይ rY ከግራ ry፣ መሆን ያለበት rrYy ነው። ወደ ፎቶው ተመልሼ ሳጥኑን አሰፋሁት፣ የስልኩ ጥላ ያረፈበት ቦታ ነው፣ ልጁ ስህተቱን የሠራው ሲጽፍ ነው ወይስ እኔ ነኝ በጥላው የተሳሳትኩት ብዬ ጠየቅኩት፣ ደብተሩን አይቶ "አዎ R ነው የጻፍኩት" አለ። ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ሁሌም ጠይቁ፣ ፎቶ ላይ ያያችሁትን ስህተት ወዲያው የሠሪው ስህተት አታርጉት።

ሳጥኑን ካረምነው በኋላ ክብ ቢጫ 9፣ ክብ አረንጓዴ 3፣ የተሸበሸበ ቢጫ 3፣ የተሸበሸበ አረንጓዴ 1። 9:3:3:1።

ቁጥሩ ለምን እንደዛ እንደሆነ ደግሞ ያለ ሳጥንም ማየት ይቻላል፣ መልሱን የምታመሳክሩበትም ይሄ ነው። ክብ የመሆን ዕድል 3/4፣ ቢጫ የመሆን ዕድል 3/4። ሁለቱ ጂኖች አንዱ ሌላውን ስለማያስገድዱ ይባዛሉ፦ 3/4 × 3/4 = 9/16። ክብ ሆኖ አረንጓዴ 3/4 × 1/4 = 3/16። የተሸበሸበ ሆኖ ቢጫም 1/4 × 3/4 = 3/16። የተሸበሸበ አረንጓዴ 1/4 × 1/4 = 1/16።

ጂኖታይፑ ላይ አትቸኩሉ፣ ሁለተኛው ስህተት ገና አለ

ብዙ ሰው 9:3:3:1 ሲያገኝ ይጨርሳል። የኛ ተማሪም ካረምነው በኋላ ደስ ብሎት ሊዘጋው ነበር፣ ግን ጥያቄው ጂኖታይፑንም ይጠይቃል፣ ፌኖታይፑ ልክ ስለመጣ ጂኖታይፑ ልክ ነው ማለት አይደለም። አንድ Y በ y ቦታ ብትገባና ሳጥኑ ውስጥ ድሮም ሌላ Y ካለ ዘሩ ድሮም ቢጫ ነበር አሁንም ቢጫ ነው፣ ፌኖታይፑ ምንም አይሰማውም።

ስለዚህ እንደገና አንድ ጂን በአንድ ጊዜ፣ ግን አሁን ሦስቱንም አይነት ለይታችሁ። RR 4፣ Rr 8፣ rr 4 መምጣት አለበት። ይመጣል። YY 4፣ Yy 8፣ yy 4 መምጣት አለበት። ካረምነው ሳጥን ላይ ስንቆጥር YY 5፣ Yy 7፣ yy 4 ነው የሚመጣው። አንዱ Yy በስህተት YY ተብሏል።

ይሄን ለማግኘት ዲያጎናሎቹን ተጠቀሙ። የላዩና የግራው ጋሜቶች በአንድ አይነት ቅደም ተከተል ከተጻፉ፣ እዚህ እንደሆነው፣ ከግራ ላይኛው ጥግ ወደ ቀኝ ታችኛው ጥግ በሚወርደው ዲያጎናል ላይ እያንዳንዱ ጋሜት ከራሱ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ስለዚህ አራቱም በሁለቱም ጂን ሆሞዛይገስ ይሆናሉ፦ RRYY፣ RRyy፣ rrYY፣ rryy። በተቃራኒው ዲያጎናል ላይ ግን እያንዳንዱ ጋሜት ከተቃራኒው ጋር ይገናኛል፣ RY ከ ry፣ Ry ከ rY፣ ስለዚህ አራቱም ሳጥኖች RrYy ናቸው። በፎቶው ላይ ይሄን ዲያጎናል ከቀኝ ላይኛው ጥግ እየወረድን ስናነበው RrYy፣ RrYy፣ RrYY፣ RrYy። ይኸው፣ 3ኛ ረድፍ 2ኛ ዓምድ። ከላይ Ry ከግራ rY፣ RrYy መሆን ነበረበት።

ሌላም መንገድ ነበረ። ሳጥኑ በዋናው ዲያጎናል ላይ ቢታጠፍ ፊት ለፊት የሚገጣጠሙት ሳጥኖች አንድ አይነት መሆን አለባቸው፣ 2ኛ ረድፍ 3ኛ ዓምድ ከ 3ኛ ረድፍ 2ኛ ዓምድ ጋር እንደማለት። የመጀመሪያውን ስህተትም በዚህ ልንይዘው እንችል ነበር። ፎቶው አንድ ጥግ ላይ ጨርሶ ከደበዘዘም የደበዘዘውን ሳጥን ከተቃራኒው መቅዳት ይቻላል። የላዩና የግራው ቅደም ተከተል ከተለያየ ግን ይሄ መታጠፍም ዲያጎናሉም አይሠራም፣ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን እዩ።

አሁን ጂኖታይፑን እንቁጠር። በዝርዝር ዘጠኝ አይነት ናቸው፦ RRYY 1፣ RRYy 2፣ RRyy 1፣ RrYY 2፣ RrYy 4፣ Rryy 2፣ rrYY 1፣ rrYy 2፣ rryy 1። በሬሾ 1:2:1:2:4:2:1:2:1። ይሄን በቃላችሁ አትያዙት፣ 1:2:1 ን በ 1:2:1 ስታባዙት ራሱ የሚወጣ ነገር ነው። ሄትሮዛይገስ የሆነ ጂን ባለ ቁጥር በ2 ይባዛል፣ RRYy አንድ ሄትሮዛይገስ አለው፣ 2። RrYy ሁለቱም ናቸው፣ 2 × 2 = 4። RRyy ምንም የለውም፣ 1።

ከፌኖታይፑ ጋር አገናኙት፦ ክብ ቢጫ የሆኑት ዘጠኙ RRYY፣ RRYy፣ RrYY፣ RrYy ናቸው፣ 1+2+2+4 = 9። ክብ አረንጓዴ RRyy እና Rryy፣ 1+2 = 3። የተሸበሸበ ቢጫ rrYY እና rrYy፣ 1+2 = 3። መጨረሻ rryy ብቻዋን። ሁለቱ ሬሾዎች እንዲህ ካልተገጣጠሙ የሆነ ቦታ ሳጥን ተሳስቷል።

ወላጆቹ ሌላ ከሆኑ

ፎቶው ባለ 16 ሳጥን ስለሆነ ብቻ 9:3:3:1 አይመጣም። ለምሳሌ አንዱ ወላጅ RrYy ሌላው Rryy ቢሆን፣ ሁለተኛው የሚያወጣው Ry እና ry ብቻ ነው፣ Y የለውም። ትክክለኛው ስኩዌር ሁለት ረድፍ ብቻ ነው፣ 8 ሳጥን። አንዳንድ መምህር 16 እንዲሞላ Ry ን ሁለቴ ry ን ሁለቴ ይጽፋል፣ ያም ስህተት አይደለም፣ ሁሉም በእጥፍ ስለሆነ ሬሾው አይለወጥም። ቅርጹ አሁንም 3/4 ለ 1/4 ነው፣ ቀለሙ ግን Yy ከ yy ስለሆነ 1/2 ለ 1/2። ክብ ቢጫ 3/8፣ ክብ አረንጓዴ 3/8፣ የተሸበሸበ ቢጫ 1/8፣ የተሸበሸበ አረንጓዴ 1/8፣ ማለትም 3:3:1:1። በፎቶ ላይ በግራ በኩል አንድ ጋሜት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካያችሁ "ተሳስቷል" ከማለታችሁ በፊት ወላጆቹን ተመልሳችሁ እዩ።

16ቱ ሳጥን 16 ልጅ ማለት አይደለም

እዚህ ጋ ተማሪዎች በጣም ይቸገራሉ፣ "16 ዘር ብንለቅም 9ኙ ክብ ቢጫ ይሆናል?" ይሉኛል። አይሆንም፣ ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ እኩል ዕድል ያለው መገናኘት ነው፣ እያንዳንዱ አዲስ ዘር ከ16ቱ አንዱን እንደ ዕጣ ያነሳል። ቁጥሩ ሲበዛ ነው ሬሾው የሚታየው። ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ሥራው ላይ ከእንዲህ አይነት ክሮስ 556 ዘር ቆጥሯል፦ ክብ ቢጫ 315፣ የተሸበሸበ ቢጫ 101፣ ክብ አረንጓዴ 108፣ የተሸበሸበ አረንጓዴ 32። 556ን ለ16 አካፍላችሁ በ9፣ በ3፣ በ3፣ በ1 ብታባዙት የምትጠብቁት 312.75፣ 104.25፣ 104.25፣ 34.75 ነው። ተቀራርቧል፣ ግን እኩል አይደለም፣ እኩልም መሆን አይጠበቅበትም።

በጣም ሲርቅ ግን ሳጥኑ የቆመበት "እኩል ዕድል" ፈርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ፑኔት ራሱ፣ ስኩዌሩ በስሙ የሚጠራው ሰውዬ፣ ከባልደረቦቹ ከቤትሰንና ከሳውንደርስ ጋር ሽታ ባለው የአተር አበባ ላይ ሲሠሩ የአበባውን ቀለምና የፖለኑን ቅርጽ አብረው ተከታተሉ፣ ከ6952 ተክል ላይ ወይንጠጅና ረጅም ፖለን 4831፣ ወይንጠጅና ክብ 390፣ ቀይና ረጅም 393፣ ቀይና ክብ 1338 አገኙ። በ9:3:3:1 ቢሆን መካከለኞቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 1300 ገደማ መሆን ነበረባቸው። ሁለቱ ጂኖች አንድ ክሮሞሶም ላይ ተቀራርበው ስላሉ አብረው ነው የሚሄዱት፣ አራቱ ጋሜቶች እኩል አይወጡም። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አንድ ባህርይ ብቻ ስትቆጥሩ አሁንም 3:1 ነው የሚቀርበው፣ ወይንጠጅ 5221 ቀይ 1731። የተበላሸው የሁለቱ ጥምረት ብቻ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ባህርይ ለብቻው ልክ ሆኖ ጥምረቱ ሲበላሽ ሊንኬጅን ጠርጥሩ። የተማሪያችን ፎቶ ላይ ግን አንዱ ባህርይ ለብቻው ራሱ 13:3 ስለነበር ነገሩ ሊንኬጅ አልነበረም፣ የሳጥን ስህተት ነበር።

ፈተና ላይ የምትመጣዋ የመጨረሻ ጥያቄ

ተማሪው ፎቶ ካነሳው ገጽ ታች እንዲህ የምትል ጥያቄ ነበረች፦ "አንድ ክብ ቢጫ ዘር ተመርጦ ቢወሰድ በሁለቱም ጂን ሆሞዛይገስ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?" እሱ 1/16 ብሎ ጽፏል። RRYY ከ16ቱ አንድ ነችና ይመስላል። ግን ዘሩ ክብ ቢጫ መሆኑ ተነግሮናል፣ ስለዚህ የተሸበሸቡትና አረንጓዴዎቹ ሰባቱ ሳጥኖች ከጨዋታው ወጥተዋል፣ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፣ መልሱ 1/9 ነው። በእስክሪብቶ ዘጠኙን ሳጥኖች ክበቧቸውና ከነሱ ውስጥ ብቻ ቁጠሩ፣ RRYY 1፣ RRYy 2፣ RrYY 2፣ RrYy 4።

ይሄንን ሜንዴል በእጁ አረጋግጦታል። ክብ ቢጫ የሆኑትን 315 ዘሮች ዘራቸው፣ 301 ተክል ፍሬ ሰጡት፣ እያንዳንዱ ተክል በራሱ ተዳቅሎ የሰጠውን ዘር እያየ ወላጁ ምን እንደነበረ ለየ። ክብ ቢጫ ብቻ የሰጡት 38 ናቸው፣ እነሱ RRYY ነበሩ። ክብ ሆኖ ቢጫና አረንጓዴ የቀላቀሉት 65፣ RRYy። ቢጫ ሆኖ ክብና የተሸበሸበ የቀላቀሉት 60፣ RrYY። አራቱንም አይነት የሰጡት 138፣ RrYy። 301ን ለ9 አካፍሉት፣ 33 ገደማ ነው፣ ስለዚህ የሚጠበቀው 33፣ 67፣ 67፣ 134 ገደማ ነው። ተማሪው ደብተሩ ላይ በእርሳስ የከበባቸው ዘጠኝ ሳጥኖችና እነዚህ አራት ቁጥሮች ያው አንድ ነገር ናቸው።